«ልጄ» ወይስ «ልጁ»? ስለ አንድ የካርቦን ቅጂ አነባበብ

ሰሞኑን በንባብ ክበባችን እጅ በእጅ የዞረው የስድስት ገጽ ትረካ ለሁለት ከፍሎ አከራክሮናል። በጽሕፈት መኪና የተመታ የካርቦን ቅጂ ነው፤ የደራሲ ስም የለበትም። ግማሾቻችን ተራኪው የገዛ ልጁን የሚፈልግ አባት ነው አልን፤ ግማሾቻችን የሰው ልጅ ታሪክ የሚያወራ መንገደኛ ነው አልን። የክርክሩ ሥር አንዲት ፊደል ናት።

የ«ጁ» ቅጥያ ከወገብ ላይ ይወጣል፤ የ«ጄ» ግን ከእግር ሥር ያለች ቀለበት ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ሁለቱም አንድ ላይ ይታያሉ፤ ቀለበቷም ደፍና ጥቁር ነጥብ ሆናለች። «የቀለም ጠብታ ነው» ያለ ወንድም ነበር። ነገር ግን የ«ሌ»ም የ«ቤ»ም ቀለበት በገጹ ሁሉ እንዲሁ ደፍኗል፤ «ወ» እና «ዐ» ግን ክፍት ናቸው። ጥፋቱ ከወረቀቱ ብዛት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በደበዘዙ ነበር። እንግዲህ የሪባን ቀለምና ብናኝ የሞላው ያንኑ የቀለበት ቅርጽ ነው፤ ነጥቧ እውነተኛ ቀለበት ናት ማለት ነው።

ደግሞም በእነዚህ ቦታዎች የ«ጀ» እግር ከጎረቤቶቹ ይጠቁራል፤ ሁለት ጊዜ ተመትቷልና። ጸሐፊው የላይኛውን ወረቀት በላጲስ ፍቆ ይሆናል፤ የታችኞቹን አንድ በአንድ ካልፈቀ ግን ስሕተቱም እርማቱም ተደራርበው ይቀራሉ። ዋናው የሸሸገውን ቅጂው ያወጣዋል።

የትኛው ቀደመ? ካርቦኑ ራሱ አይናገርም። ከሦስተኛው ገጽ ወዲህ ግን ያለው «ልጁ» ብቻ ነው፤ ንጹሕ፣ አንዴ የተመታ። ስለዚህ ጸሐፊው «ልጄ» ብሎ ጀመረ፤ ኋላ ተመልሶ «ልጁ» አደረገው።

በእኛ አስተያየት የትረካው ኃይል እዚህ ላይ ነው። በአራተኛው ገጽ ልጁ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ያጠልቅ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ይህን መንገደኛ አያውቀውም። አባትነቱ «የእኔ» ሳይል ይሰማል። የመጨረሻው ገጽ ምክር ግን ይህን ዝምታ ያፈርሰዋል፤ ባይኖር ይሻል ነበር።

አሁን አንድ ወንድማችን «ልጄ የበለጠ ልብ ይነካል» ብሎ ሁሉንም በዚያው መገልበጥ ጀምሯል። በሶቪየት ኅብረት ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድብቅ ይወጣ የነበረው «የወቅታዊ ክንውኖች ዜና መዋዕል» የተስፋፋው አንባቢው ራሱ በካርቦን ደግሞ እየመታ ሲያስተላልፈው ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ አንድ ገልባጭ የለወጠውን ከእርሱ በኋላ የሚያነብ አያየውም፤ በንጹሕ ቅጂ ላይ የተደራረበው ፊደል የለምና።

ስለዚህ ወንድማችን «ልጁ» ብሎ ይጻፍ፤ የሁለቱን ገጾች «ልጄ» በኅዳግ ያስፍር። የፊተኛውም ቅጂ አይጣል።