የሞኙ ጉዞ በታሮት ካርዶች

በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን ለጨዋታ የተዘጋጁት የታሮት ካርዶች ኋላ ላይ የዕጣ ፈንታ መጠየቂያ ቢሆኑም፣ «ሜጀር አርካና» የሚባሉት፣ ማለትም ምሳሌያዊ ሥዕል የያዙት 22 ካርዶች፣ በተርታ ሲነበቡ የአንድን ተራ ሰው ሕይወት ይተርካሉ። የጥንቱ ጨዋታ የካርዶች ቅደም ተከተል ከከተማ ከተማ ይለያይ ስለነበር፣ ይህ ትረካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ የአንባቢያን ፍሬ ነው። ተጓዡ ቁጥሩ 0 የሆነው «ሞኙ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በታተመው የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥዕል ላይ ጓዙን በበትር አንጠልጥሎ ገደል አፋፍ ላይ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ወላጆችን፣ ትምህርትንና ፍቅርን ያሳያሉ፤ የትረካው ጥልቀት ግን በይበልጥ የሚገለጠው ከ14ኛው ካርድ ጀምሮ ነው። በዚህ «ልከኝነት» በተባለው ካርድ ላይ አንድ መልአክ ውኃን ከጽዋ ወደ ጽዋ በሚዛን ስለሚያንቆረቁር፣ ተጓዡ ሚዛኑን ያገኘና ጉዞው በዚሁ የሚፈጸም ይመስላል። ሆኖም 15ኛው «ዲያብሎስ» ነው፤ በእግሩ ሥር የታሰሩት ሁለት ሰዎች አንገት ላይ ያለው ሰንሰለት ሊወልቅ የሚችል ልል ነው። 16ኛው በመብረቅ የተመታ «ግንብ» ሲሆን፣ ማንነቱን ሁሉ በሥራ ማዕረጉ ላይ የገነባ ጎልማሳ ማዕረጉን ሲያጣ የሚደርስበትን ውድቀት በትክክል ይገልጻል። በ17ኛው፣ በ«ኮከብ»፣ ራቁቷን የተንበረከከች ሴት ውኃውን ወደ ኩሬውና ወደ ምድሩ ታፈስሳለች፤ መልአኩ በሁለት ጽዋዎች መካከል ጠብቆ ያቆየው ውኃ እዚህ ያለ ስስት የሚሰጠው ግንቡ ከፈረሰ በኋላ መሆኑ የትረካው ታላቅ ብልኀት ነው።