ጥለቱ የት ድረስ ይወርዳል?

ሽሮ ሜዳ የተሠራ ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ፎቶ ተነሥቶ ድረ ገጽ ላይ ለሽያጭ ወጥቷል እንበል። ገዢዎቹ በአብዛኛው አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ናቸው። ልብሱን ዘርግተው፣ በእጃቸው ዳስሰው ማየት ስለማይችሉ የሚያምኑት ፎቶውን ነው። ከመካከላቸው ግን ፎቶውንም የማያዩ አሉ። ዓይነ ስውር የሆነች ገዢ ስልኳ ላይ ቶክባክን ወይም ቮይስኦቨርን ከፍታ ገጹን በጆሮዋ ታነባለች። ፎቶው ጋ ስትደርስ የምትሰማው ከበስተጀርባው የተጻፈለትን አልት ቴክስት ነው። ይህንኑ ጽሑፍ የጉግል የምስል ፍለጋም ያነበዋል። የእኔ ሥራ ሁለቱን አንባቢዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተናገድ ነው።

ከሻጮች የሚደርሰኝ አልት ቴክስት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

```html
<img src="IMG_4872.jpg"
  alt="ሀበሻ ቀሚስ ሐበሻ ቀሚስ ኀበሻ ቀሚስ
  habesha kemis የሰርግ ቀሚስ ቆንጆ ቀሚስ">
```

ይህን የጻፈው ሰው ያሰበው ስለ ፍለጋ ብቻ ነው። ፈላጊው በየትኛውም «ሀ» ቢጽፍ እንዲያገኘን ብሎ ሦስቱንም ደርድሯል። ለዓይን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ስክሪን ሪደሩ «ሀበሻ ቀሚስ፣ ሀበሻ ቀሚስ፣ ሀበሻ ቀሚስ» እያለ ሲደጋግም ሰሚዋ ስልኳ የተበላሸ ይመስላታል። ለፍለጋውም ቢሆን አይበጅም። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ አልት ቴክስት ውስጥ ቃላት መከመር ገጹን እንደ አይፈለጌ ሊያስቆጥር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከዚያም በላይ እነዚህ ቃላት ለማንኛውም ሀበሻ ቀሚስ የሚሆኑ ናቸው። ይህ ቀሚስ ከሌላው በምን እንደሚለይ አንዳቸውም አይናገሩም።

እኔ የምጀምረው ገዢ ሱቅ ገብታ ከምትጠይቀው ነው። ሽሮ ሜዳ የቆመች ሴት «ይሄ ሀበሻ ቀሚስ ነው?» ብላ አትጠይቅም። «ጥለቱ እስከ ታች ይወርዳል ወይስ ጫፉ ላይ ብቻ ነው? እጅጌው ረጅም ነው? ቀለሙ ከወርቃማ ጋር ይሄዳል?» ትላለች። ፎቶው ለሚያይ ሰው በአንድ አፍታ የሚመልሰው እነዚህን ነው፤ አልት ቴክስቱም መመለስ ያለበት እነዚህኑ ነው። በምስል የሚፈልግ ሰውም የሚጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን «አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ» ይላል። ሁለቱ አንባቢዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ለጆሮ በደንብ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ለፍለጋው ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

የቀሚሱ የመጀመሪያ ፎቶ፣ ከፊት ሙሉውን የሚያሳየው፣ እንዲህ ይሆናል፦

```html
<img lang="am" src="habesha-kemis-green.jpg"
  alt="ነጭ ረጅም ሀበሻ ቀሚስ፣ አረንጓዴና ወርቃማ
  ጥለቱ ከአንገት እስከ ጫፍ በመሀል የወረደ፣
  ረጅም እጅጌ ያለው">
```

«የቀሚስ ፎቶ» ብዬ አልጀምርም፤ ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። «ጥለት» ያልኩት በሽመናው ስለተሠራ ነው። በመርፌ የተሠራ ቢሆን «ጥልፍ» እለው ነበር፤ ልብስ የሚያውቅ ገዢ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም፣ ዋጋቸውም አንድ አይደለም። ጥጥ መሆኑን አልጻፍኩም። ጥጥነቱ በፎቶ አይታይም፤ ሁሉም ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ስለሆነም ቦታው ገጹ ላይ ያለው መግለጫ ነው። lang="am" የገባው በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ አማርኛ ሲገባ ስክሪን ሪደሩ ወደ አማርኛ ድምፅ እንዲዞር ነው። መሣሪያው ላይ አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ከሌለ ግን ይህ ምልክት ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ገጽ የእንግሊዝኛ፣ ለአማርኛው ገጽ የአማርኛ አልት ቴክስት መጻፍን እመርጣለሁ።

ስለ ርዝመት ሲነሣ 125 ፊደል የሚል ልማድ አለ። ለእንግሊዝኛ የተለመደ ነው እንጂ የድረ ገጽ ደረጃ ያወጣው ገደብ አይደለም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ 125 የአማርኛ ፊደል ሲነበብ ከእንግሊዝኛው በጣም ይረዝማል። እኔ በቁጥር አልሄድም፤ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ አሳጥረዋለሁ።

ቀጣዮቹ ፎቶዎች አዲስ ያሳዩትን ብቻ ነው የሚናገሩት። የጫፉ ቅርብ ፎቶ፦ «የጫፉ ጥለት በቅርብ፣ አረንጓዴ መስቀሎች በወርቃማ ክር ተከበው»። የኋላው፦ «ቀሚሱ ከኋላ፣ ያለ ጥለት፣ ወገቡ በመቀነት የታሰረ»። ኋላው ጥለት የሌለው መሆኑ ትልቅ መረጃ ነው፤ ካልተነገራት ሳጥኑን ስትከፍት ነው የምታውቀው። አምስት ፎቶ ቢኖር አምስቱም ላይ የዕቃውን ስም ብቻ መለጠፍ ግን አምስት ጊዜ ምንም አለመናገር ነው። በሥዕል መልክ የሚላከውን የልኬት ሰንጠረዥ አልት ቴክስት ሊሸከመው አይችልም። የደረትና የወገብ ልኩ በእውነተኛ ሰንጠረዥ ገጹ ላይ ይጻፍ፤ ያኔ ሁሉም ያነበዋል፣ ፍለጋውም ያገኘዋል።

ሁለቱ አንባቢዎች የሚጋጩበት ቦታም አለ፤ ብዙ ቀሚሶች የተደረደሩበት ዝርዝር ገጽ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ከሥሩ ካለው ስም ጋር በአንድ ሊንክ ውስጥ ይሆናል። ፎቶውም አልት ቴክስት ካለው ሰሚዋ እያንዳንዱን ቀሚስ ሁለት ሁለት ጊዜ ትሰማለች፤ ሠላሳ ቀሚስ ካለ ስድሳ ነው። እዚህ ላይ ለጆሮ አደላለሁ፦ የዝርዝሩ ፎቶ `alt=""` ይሆናል፣ ስክሪን ሪደሩም ያልፈዋል። ባዶ ማድረግና ጨርሶ አለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም። ጨርሶ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ IMG_4872 የሚለው የፋይል ስም ይነበባል። ፍለጋው ብዙ አይጎዳበትም፤ ሙሉው መግለጫ በቀሚሱ በራሱ ገጽ ላይ አለ። ከፎቶው ሥር ያለውን ስም ግን አሻሽለዋለሁ፦ «ቀሚስ 14» የነበረው «ነጭ ቀሚስ በአረንጓዴ ጥለት» ይባላል። «ሐበሻ»ም ሆነ በላቲን የሚጻፉት ልዩ ልዩ አጻጻፎች ካስፈለጉ፣ በገጹ መግለጫ ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት ግን የቀለም ምርጫ ላይ የሚመጣው ነው። ያው ቀሚስ በቀይ ጥለትም ይሸጣል። ገዢዋ «ቀይ» የሚለውን ስትነካ ፎቶው ይቀየራል፤ ፕሮግራሙ ግን የፋይሉን አድራሻ ብቻ ቀይሮ አልት ቴክስቱን እንደነበረ ይተወዋል። ቀይ መርጣ «አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት» ትሰማለች። የሚያይ ሰው ይህን ስህተት ፈጽሞ አያገኘውም፣ ምክንያቱም ገጹ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል። ለማወቅ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤን መክፈት ነው፤ በነፃ ይገኛል። ቀለሙን ቀይሮ G ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ምስል ይሄዳል፤ የሚነበበው ከተመረጠው ቀለም ጋር ካልገጠመ ለፕሮግራመሩ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ `src` በተቀየረ ቁጥር `alt` አብሮ ይቀየር። ለቀዩም የራሱ ቋሚ አድራሻ ያለው ገጽ ቢበጅለት፣ ቀይ ጥለት የሚፈልግ ሰው በምስል ፍለጋ በኩል የሚደርሰው ቀጥታ ቀዩ ላይ ይሆናል።