የታየውና የታሰበው

ሚዛን ተፈሪ፣ የአጎቴ ቤት በረንዳ ሶሌታ ከግድግዳው ሥር ከላይ በኩል ሲሰነጠቅ፣ አጎቴ ሲሚንቶውን፣ ኮንትራክተሩ የተደረደረውን የቡና ጆንያ ወነጀሉ። ለማንም ያልወገነው መሐንዲስ የጻፈውን ሪፖርት ግን እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

«የታየ» የሚለው ክፍል ልኬት ብቻ ነው፦ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፤ በፕላኑ ከላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ላይ መሆን የነበረበት ፌሮ ከላይ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ወርዶ ተገኘ። «አስተያየት» በሌላ ገጽ ይጀምራል፦ ወደ ውጭ የወጣ ሶሌታ የሚሳበው ከላይ ነውና፣ ፌሮው ሲወርድ አቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ኮንክሪት ሲሞላ ተረግጦ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደረገጠው ግን አልታየም።

ስለ ሲሚንቶው፣ ናሙና ስላልተመረመረ፣ ምንም አልፈረደም። ይህ ቁጥብነቱ ልቤን ነካው። ያ ሪፖርት ባይኖር፣ አዲሱንም በረንዳ በተሻለ ሲሚንቶ፣ ያንኑ ፌሮ እያስረገጥን እንሞላው ነበር።