ስልኬን ተሰረቅሁ፣ ብርጭቆዬ ተሰበረብኝ፦ የአማርኛ ግስ ተጎጂውን የት ያስቀምጠዋል?

ሽዋመንዲንገን እ.ኤ.አ. በ1934 ከዙሪክ ከተማ ጋር የተቀላቀለ የሰሜን ዳርቻ ሰፈር ነው። እዚያ ትራም ውስጥ ኪሱ የተገባ አንድ አማርኛ ተናጋሪ የደረሰበትን ለፖሊስ ሊያስረዳ ቆሟል እንበል። በልቡ ያለው ዓረፍተ ነገር «ስልኬን ተሰረቅሁ» የሚል ነው። ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ ካዞረውና «ኢሽ ቩርደ ገሽቶለን» ካለ፣ ፖሊሱ የሚሰማው ሰውየው ራሱ እንደ ዕቃ ተሰርቆ መወሰዱን ነው። ጀርመንኛው የሚፈልገው «ሚር ቩርደ ማይን ሀንዲ ገሽቶለን» ነው። እዚህ ባለቤቱ ስልኩ ሲሆን ሰውየው «ሚር» በሚለው ተቀባይ ሙያ ከዳር ቆሟል።

ስህተቱን የቋንቋ ድካም ብሎ ማለፍ ይቻላል። የግስ ተሳታፊዎችን ጉዳይ ለሚያጠና ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። በሁለቱም ቋንቋ ድርጊቱ አንድ ነው፤ ሌባ፣ ስልክና የተሰረቀ ሰው አለ። ፈረንሳዊው ሉሲዬን ቴኒየር ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 በታተመለት መጽሐፉ፣ ግስ ስንት ተሳታፊ እንደሚጠራ በራሱ ተፈጥሮ እንደሚወስን አስረዳ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፊልሞር በ1968 ለተሳታፊዎቹ አድራጊ፣ መሣሪያ፣ ተጠቂ የሚሉ ዓይነት ሚናዎች ሰጣቸው። ሁለቱም የሰጡን መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ሚናውን ካወቅን በኋላ ያ ሰው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት እንደሚቆም ግን በራሱ አይነግረንም።

ወደ መልሱ የሚያቀርበን አንድ ስዊዘርላንዳዊ ነው። የሶሲርን የዤኔቭ ትምህርቶች ከአልቤር ሴሼዬ ጋር አሰናድቶ በ1916 ያሳተመው ሻርል ባሊ፣ በ1926 ለዙሪኩ የሮማንስ ቋንቋዎች ሊቅ ለሉዊ ጎሻ በተዘጋጀ የክብር መድበል ውስጥ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሰ ጉዳዩ «የግል ክልል» ነበር። የአንድ ሰው አካልና ለሰውየው ቅርብ የሆነ ነገር ሲነካ፣ ቋንቋው የተነካው ሰውየው እንደሆነ አድርጎ ይናገራል ይላል። ባሊ የተመለከተው ህንድ-አውሮጳዊ ቋንቋዎችን ነው። አማርኛን ቢያይ ኖሮ ክልሉን ያለ ብዙ ድካም የሚለካበት መስፈሪያ ባገኘ ነበር።

መስፈሪያው «-ኝ» እና «-ብኝ» ናቸው። «ልጁ እጄን ሰበረኝ» እንላለን። «ልጁ ብርጭቆዬን ሰበረኝ» ግን አይባልም፤ «ብርጭቆዬን ሰበረብኝ» ነው የሚባለው። ጃኬትም የብርጭቆን መንገድ ይከተላል፤ «ጃኬቴን ቀደደብኝ» እንጂ «ቀደደኝ» አንልም። ጀርመንኛ በዚህ ቦታ አይለይም፤ እጅም ይሰበር ብርጭቆ፣ ሰውየው በ«ሚር» ይገባል። አማርኛ ግን «ሰበረ» የሚጠራቸው ሁለት ተሳታፊዎች ብቻ እንደሆኑ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰባሪና ተሰባሪ። እጅ የሰውየው ክፍል ስለሆነ እጁ ሲሰበር ሰውየውም ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ «-ኝ» ይገባዋል። የብርጭቆው ጌታ ግን ከውጭ የመጣ፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ስለሆነ በ«-ብ» በኩል ይታከላል።

ወደ ስርቆቱ እንመለስ። «ሌባ ስልኬን ሰረቀኝ» ያለ ችግር ይባላል። ስልክ ግን የአካል ክፍል አይደለም። ታዲያ የባሊ ክልል ከእጅ አልፎ እስከ ኪስ ሰፋ ማለት ነው? አይመስለኝም። ክልሉ በነገሩ ቅርበት ብቻ ቢወሰን፣ ከኪስ ስልክ ይልቅ የለበሱት ጃኬት በቀረበ ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው ግሱ ነው። «ሰረቀ» ከሌባውና ከዕቃው ሌላ የሚነጠቀውን ሰው ከመጀመሪያው ይጠራል። «ነጠቀ»፣ «ቀማ»፣ «ዘረፈ»፣ «ገፈፈ» ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ያው ጃኬት በ«ቀደደ» ጊዜ «-ብኝ» ሲፈልግ፣ በ«ገፈፈ» ጊዜ «ጃኬቴን ገፈፈኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ጃኬቱ አልተለወጠም።

ማረጋገጫው ተደራጊው ግስ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ደንብ ተሳቢው ባለቤት ሲሆን «-ን»ን ይጥላል ይላል፤ «ሌባው ስልኩን ሰረቀ»፣ «ስልኩ ተሰረቀ»። ዕለት ተዕለት የምንናገረው አማርኛ ግን «ስልኬን ተሰረቅሁ»፣ «መሬቱን ተነጠቀ»፣ «እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል»፣ «ፀጉሬን ተቆረጥሁ» ይላል። ግሱ ተደራጊ ሆኖ ሳለ «-ን» በቦታው ቀርቷል። ባለቤት ሊሆን የወጣው በአድራጊው ግስ ላይ «-ኝ» የነበረው ሰው ነው። በ«-ብኝ» ለገባው ሰው ይህ መንገድ ዝግ ነው። «ብርጭቆዬን ተሰበርሁ» የሚል የለም፤ «ብርጭቆዬ ተሰበረብኝ» ይላል እንጂ። «መኪናዬን ሸጠብኝ» ያለም ሰው «መኪናዬን ተሸጥሁ» ቢል ራሱ ይስቃል።

እስካሁን ያለው ነገር «-ኝ ያለው ሁሉ ባለቤት ይሆናል» የሚል ደንብ ለማውጣት ያጓጓል። የሚያፈርሰው እጅግ የተለመደው ግስ «ሰጠ» ነው። «መጽሐፉን ሰጠኝ» ላይ «-ኝ» አለ፤ ተደራጊው ግን «መጽሐፉ ተሰጠኝ» ነው። «መጽሐፉን ተሰጠሁ» ጆሮ ይኮረኩራል። ምክንያቱ የሚታየው በቅጥያው ፈንታ ስሙን ሙሉ ስናወጣው ነው። «ልጁን ስልኩን ሰረቁት»፣ «ልጁን እጁን ሰበሩት» እንላለን፤ ሁለቱም ስሞች «-ን» ይዘዋል። «ሰጠ» ግን «ለልጁ መጽሐፉን ሰጡት» ያሰኛል። በግሱ ላይ የተለጠፈው ቅጥያ አንድ ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው ሚና ሁለት ነው፤ አንዱ ተነኪ፣ ሌላው ተቀባይ። ባለቤትነት የሚደርሰው ለተነኪው ነው። «-ኝ»ን ብቻ አይቶ ሚና የሚመድብ ተንታኝ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጠንካራው ማስረጃ የስሙ «-ን» ነው።

የሽዋመንዲንገኑ ሰውዬም ያለ አማራጭ አልቀረም። ጀርመንኛ «ሽቴለን» በሚለው ግስ ላይ «በ-» የሚል መነሻ ጨምሮ «በሽቴለን» የሚል ሌላ ግስ ያወጣል። ይህ ግስ ተዘራፊውን ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሚያደርገው «ኢሽ ቩርደ በሽቶለን» ማለት ትክክል ነው፤ ሰውየው ባለቤት ሆነ። ዋጋው ግን ስልኩ ነው። በዚህ ግስ ስልኩ ቀጥተኛ ተሳቢ ሆኖ ሊገባ አይችልም፤ ምን እንደተወሰደ በሌላ ዓረፍተ ነገር ይነገራል ወይም በመስተዋድድ ይጨመራል። ጀርመንኛ ለሁለት ግስ የከፈለውን ሥራ የአማርኛው «ሰረቀ» ብቻውን ይሠራል፤ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ስልኩንም በ«-ን» ያቆየዋል።

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለግሶቻችን ፍቺ መስጠት ላይ ያተኩራሉ። ግሱ ተጎጂውን በ«-ኝ» ይቀበለው ወይስ በ«-ብኝ»፣ ተደራጊ ሲሆንስ ማን ባለቤት ይሆናል የሚለው ከፍቺው ጎን ሊጻፍ ይገባዋል፤ በጀርመንኛ መማሪያ መዝገበ ቃላት ግስ ሙያውን ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ከ«ነጠቀ»፣ «ቀማ»፣ «ገፈፈ»፣ «ቆረጠ» እና «ሰጠ» ይጀምር፤ ለእያንዳንዱም «ልጁን» እና «ለልጁ» የሚሉትን ስሞች እያፈራረቀ ይፈትን።