የወጥ ቤት ረዳትን ሥራ በሽንኩርቱ መመዘን

በአይቮሪ ፓርክ፣ ከቴምቢሳ ጎን ባለው ሰፈር፣ ለሀገር ልጆች በሚያበስል ትንሽ ወጥ ቤት አዲስ ረዳት ሲገባ መጀመሪያ የማየው የተከተፈውን ሽንኩርት ነው። ወጡ የሚነሳው ከቁሌቱ ስለሆነ፣ እዚያ የተበላሸውን በርበሬም ቅቤም አያድነውም።

ሽንኩርቱ ተከትፎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ አድርጌ ሥሩን አያለሁ። ውሃ ካቆረ ቢላው ዶልዱሟል። ዱልዱም ቢላ ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም፤ ጭማቂው ይወጣል፣ ዓይንም ክፉኛ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት ደረቅ ድስት ላይ ሲወርድ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። እዚህ በ10 ኪሎ ከረጢት የሚሸጠው ቡናማ ልጣጭ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ከሀገር ቤቱ ቀይ ሽንኩርት ይልቅ ውሃ ያዘለ ነውና ጥፋቱ ጎልቶ ይታያል። ክትፋቱ እኩል ካልሆነም ደቃቁ ጠርዙ ሲያር ትልልቁ ገና ነጭ ነው፤ ወጡ ውስጥም ሳይሟሟ ይቀራል።

ጥሩ እጅ ሽንኩርቱን ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት ይከፍላል፣ ሥሩን ግን ቆርጦ አይጥልም፤ ንብርብሮቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው። ከዚያ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ቁመቱን ይሰነጥቃል፣ በአግድም አንዴ ወይም ሁለቴ ያስገባል፣ በመጨረሻ አቋርጦ ይከትፋል። ሽንኩርቱን የያዘው እጅ የጣቶቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቢላው የጣቱን አንጓ እየታከከ ይወርዳል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መጀመሪያ በትልቁ ይቆርጥና ክምሩን ደጋግሞ ይደበድበዋል። መክተፊያው ከረጠበ እንደዚያ እንዳደረገ ይታወቃል።

የቢላውን ስለት በቲማቲም እፈትናለሁ። ሳይጫኑት ቆዳው ላይ ከገባ ደህና ነው፤ ከተንሸራተተ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞረድ ይፈልጋል።

ከቦታው ዝግጅት ሁለት ነገር አያለሁ። መክተፊያውን በመዳፌ እገፋዋለሁ፤ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ ከተነጠፈ አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ የጾሙንና የፍስኩን ቢላና መክተፊያ ለይቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የነካ ቢላ ለሽሮው ሽንኩርት ከዋለ፣ የጾመኛውን አመኔታ አጥፍቷል። በፍስክ ቀንም ቢሆን ጥሬ የሚበላው ሰላጣ ቀድሞ ይከተፋል፣ ጥሬ ሥጋው ኋላ ይመጣል። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ሥጋውን ሁሉ ጠዋት መቆራረጥ ስህተት ነው፤ ለቀኑ የመጀመሪያ ገበታ የሚበቃው ተቆርጦ ሌላው ሳይቆረጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። የተቆረጠ ሥጋ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

በመጀመሪያው ወር ፍጥነት አልጠይቅም፤ እኩል የተከተፈ፣ ውሃ ያላቆረ ሽንኩርት ይበቃኛል። ባለቤቶችም ብትሆኑ ልጁን ከመገሠጻችሁ በፊት የተሳለ ቢላና የራሱ ሞረድ ስጡት።