የሊዮፖልድቪል ሁለት ድምፆች፦ የነጻነት ቀን የሬዲዮ ስክሪፕት በኮንጎ ታሪክ ሲፈተን

የአንድን አገር የነጻነት ቀን የሚያስታውስ የሬዲዮ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አንባቢዎች ይቀርባል። አንዱ ቀኑን ሲጠራ ሌላዋ የመሪውን ስም ትጨምራለች። አንዱ «ቅኝ ገዢዎቹ» ብሎ ሲጀምር ሌላዋ «ለቀው ወጡ» ብላ ትጨርሳለች። ቅብብሉ አድማጭ እንዳይሰለች ይረዳል። ሁለቱ አንባቢዎች የሚያውቁትም የሚሉትም አንድ ስለሆነ ግን ስክሪፕቱ ያው ባለ አንድ ድምፅ ነው፤ አንዷ ቀርታ ሌላው ሙሉውን ቢያነበው የሚጎድል ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ሁለት ድምፅ ከታሪኩ ውስጥ መውጣት አለበት፣ ለማሳመሪያ ከውጭ መጨመር የለበትም ብዬ ነው። ለዚህ ከቤልጂየም ኮንጎ የነጻነት ቀን የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም፤ በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ማይክሮፎን፣ ስለ አንድ አገር ሁለት የማይታረቁ ታሪኮች ተናግረዋልና።

ቀኑ ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1960። ስክሪፕት ጸሐፊ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መዝለቅ አለበት። የሚያነብ ሰው ዓይኑን መልሶ ያመሳክራል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን ያለፈውን ቁጥር መልሶ አያገኘውም። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያውቀውን ማስታወስ ይበጃል፦ ነገሩ የሆነው ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አምስት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ነው። የአገሩም ስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከወንዙ ማዶ ብራዛቪል ያለው የፈረንሳዩ ኮንጎ ነጻ የወጣው በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ነው። «ኮንጎ» ብቻ የሚል ስክሪፕት አድማጩን በሁለት አገር መካከል ያስቀረዋል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ሬዲዮው ራሱ የታሪኩ አካል ሲሆን በጣም ያስፈልገናል።

ወደ አዳራሹ እንግባ። በሊዮፖልድቪል የብሔር ቤተ መንግሥት በተዘጋጀው ሥነ ሥርዓት ላይ በመጀመሪያ የተናገሩት የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦዱዋን ናቸው፤ ዕድሜያቸው 29 ነበር። የኮንጎ ነጻነት በዳግማዊ ሊዮፖልድ ታላቅ አእምሮ የተጠነሰሰውና ቤልጂየም በትዕግሥት የቀጠለችው ሥራ ፍጻሜ ነው አሉ። አዲሶቹ መሪዎች ለለውጥ እንዳይቸኩሉ፣ ቤልጂየም ያስረከበቻቸውንም ተቋማት የተሻለ እንደሚያመጡ እርግጠኛ ሳይሆኑ እንዳይተኩ መከሩ። ቀጥለው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ካሳቩቡ ለዘብ ያለ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ተነሡ። ንግግራቸው በመርሐ ግብሩ ውስጥ አልነበረም።

አንድ ስክሪፕት የንጉሡን ንግግር እንዴት ያቅርብ? ተራው መንገድ አንዱ አንባቢ የንጉሡን ቃል ካነበበ በኋላ ሌላዋ «ይህ አሳፋሪ ንግግር ነበር» እንድትል ማድረግ ነው። ይህ አድማጩን ከመፍረድ ያግደዋል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ያልጠቀሰውን ሐቅ ብቻ እንዲናገር፣ ፍርድም ቅጽልም እንዳይጨምር ነው። ለዚህ ያዘጋጀሁት ናሙና እንዲህ ይላል፦

ድምፅ 1፦ ንጉሡ በዳግማዊ ሊዮፖልድ ጀመሩ። ዛሬ የሚከበረው ነጻነት የእሳቸው ሥራ ፍጻሜ ነው አሉ።

ድምፅ 2፦ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ኮንጎን ረግጠው አያውቁም። ከ1885 እስከ 1908 ግን አገሩ የግል ይዞታቸው ነበር።

ድምፅ 1፦ አቅኚዎቹ አገሩን ከባሪያ ንግድ ነጻ አወጡት አሉ።

ድምፅ 2፦ በዚያ ዘመን የተወሰነለትን ጎማ ያላቀረበ መንደር ይቃጠል ነበር። ሚስቶች በመያዣነት ይታሰሩ ነበር። የሰው እጅ ይቆረጥ ነበር።

ድምፅ 1፦ ለለውጥ አትቸኩሉ አሉ።

ድምፅ 2፦ በዚያን ቀን በቅኝ ግዛቱ ጦር ውስጥ አንድም ኮንጎዋዊ መኮንን አልነበረም።

ሁለተኛው ድምፅ ከንጉሡ ጋር አይጨቃጨቅም። የሚለው ሁሉ ተመርምሮ የሚረጋገጥ ነው፤ ጫናውም የሚመጣው ከቦታው ነው። የመጨረሻው መስመር በተለይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የምክሩን ባዶነት ያሳያል፣ ከአምስት ቀን በኋላ ለሚፈነዳው የወታደሮች አመፅም መንገድ ይጠርጋል። ዳራ በስክሪፕት ውስጥ የሚጠቅመው እንዲህ ተራው ሲደርስ ብቻ ሲገባ ነው። መግቢያው ላይ በአንድ አንቀጽ ተጭኖ ከመጣ አድማጩ ሉሙምባ ጋ ሳይደርስ ይረሳዋል።

ሉሙምባ ሲናገሩ የሁለቱ ድምፆች ሚና መለወጥ አለበት። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛው ድምፅ ከአዳራሹ ውጭ ሆኖ የሚያስታውሰውን አሁን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በአዳራሹ ውስጥ ይሉታል። ንግግራቸውን ለንጉሡ ሳይሆን ለነጻነት ታጋዮች አቀረቡ። ነጻነቱ ዛሬ ከቤልጂየም ጋር በስምምነት ቢታወጅም በትግል የተገኘ መሆኑን ማንም ኮንጎዋዊ አይረሳውም አሉ። ከዚያ በዝርዝር ሄዱ፦ ለምግብ የማይበቃ ደመወዝ፣ ጠዋት ማታ የሚደርስ ስድብና ዱላ፣ በሕግ ስም የተነጠቀ መሬት፣ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ሕግ፣ ጥቁር የማይገባበት ሲኒማና ምግብ ቤት። ጥቁር ሰው «አንተ» የሚባለው ወዳጅ ስለሆነ ሳይሆን አንቱታው ለነጭ ብቻ ስለተከለለ መሆኑንም ተናገሩ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የአማርኛ ስክሪፕት ጸሐፊን በቀጥታ ይነካዋል። በአንዳንድ ዝግጅቶቻችን ንጉሡ «ተናገሩ» ሲባል ሉሙምባ «ተናገረ» ይባላል። ሉሙምባ በዚያች ዕለት የከሰሱትን ልማድ በእሳቸው ላይ መድገም ነውና ሊታረም ይገባል፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አንቱታ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው የሐቅ ስሕተት የሚበዛው። ሉሙምባ ለንጉሡ «ከእንግዲህ የእናንተ ጦጣዎች አይደለንም» አሏቸው የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ ጽሑፍ ይገኛል፤ በሚታወቀው የንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ ግን የለም። የሚማርክ ስለሆነ ስክሪፕት ጸሐፊ በቀላሉ ይወድቅበታል። እኔ ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው እላለሁ፤ በማስረጃ የተሞላውን ንግግር ወደ አንድ ስድብ ያሳንሰዋልና። ሁለተኛው ስሕተት የሰይፉ ነገር ነው። አምብሩዋዝ ቦይምቦ የተባለ ኮንጎዋዊ የንጉሡን ሰይፍ መንጥቆ የሮጠው ጁን 29 ቀን፣ ንጉሡ በመኪና ወደ ከተማው ሲገቡ ነው። ትዕይንቱ ከነጻነት ቀን ጋር ሲቀላቀል የሉሙምባ ንግግር ቅጥያ ይመስላል። ሦስተኛው ንጉሡ ተቆጥተው ወዲያው አገር ጥለው ሄዱ የሚለው ነው። በእርግጥ ተቆጥተዋል፣ መርሐ ግብሩም ዘገየ፤ ነገር ግን የነጻነቱ ሰነድ ተፈርሟል፣ ግብዣውም ተካሂዷል። በግብዣው ላይ ሉሙምባ ራሳቸው ንጉሡንና ቤልጂየምን የሚያመሰግን ለዘብ ያለ ንግግር አድርገዋል። ይህን መዝለል ጀግናውን ለመጠበቅ ይመስላል። ለእኔ ግን የግብዣው ንግግር ሲጨመር ሉሙምባ የበለጠ ሰው ይሆናሉ፤ ጠዋት እውነቱን የተናገሩ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ መንግሥት መምራት እንዳለባቸው ያሰቡ ሰው።

ሙዚቃውም ቢሆን ዳራ ነው። እንዲህ ባለ ዝግጅት ውስጥ የማይቀረው የጆሴፍ ካባሴሌና የአፍሪካን ጃዝ ዘፈን «ኢንዴፔንዳንስ ቻ ቻ» የተወለደው በጁን 30 አይደለም። የነጻነቱ ቀን የተቆረጠበት የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ በብራስልስ ሲካሄድ፣ በ1960 መጀመሪያ፣ እዚያው ብራስልስ ነው። የፓርቲዎችንና የመሪዎችን ስም በአንድነት ይጠራል። ስለዚህ ተገቢ ቦታው የስክሪፕቱ መጀመሪያ ነው፤ እነዚያ ስሞች ገና ባልተጣሉበት ጊዜ። ከሉሙምባ ንግግር በኋላ ማጫወት ዘፈኑን የድል ማጀቢያ ያደርገዋል፤ ያኔ ግን ድሉ ገና ምንም አልያዘም ነበር።

አብዛኞቹ ዝግጅቶች በአዳራሹ ጭብጨባ ያልቃሉ። የእኔ ዋና ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው። ጁላይ 5 የጦሩ የበላይ አዛዥ ጄኔራል ጃንሰንስ ወታደሮቻቸውን ሰብስበው «ከነጻነት በፊት» እና «ከነጻነት በኋላ» አንድ መሆኑን በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ወታደሮቹ አመፁ። ጁላይ 11 ሞይስ ሾምቤ ማዕድን የሞላባትን ካታንጋን ገነጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም ከቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበሩ። ይህን ስክሪፕቱ በፍጥነት ሊያልፈው ይችላል። ሊዘገይበት የሚገባው ሴፕቴምበር 5 ማታ ነው፤ ያን ማታ ሁለቱ ድምፆች በእርግጥ የሬዲዮ ድምፆች ሆኑ። ካሳቩቡ በሊዮፖልድቪል ሬዲዮ ሉሙምባን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ማንሣታቸውን አስታወቁ። ሉሙምባ በዚያው ማታ ወደዚያው ጣቢያ ሄደው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ከሥልጣን ወርደዋል ሲሉ መለሱ። በማግስቱ የተባበሩት መንግሥታት ጊዜያዊ ተወካይ አንድሩ ኮርዲየር የአውሮፕላን ማረፊያዎቹና የሬዲዮ ጣቢያው እንዲዘጉ አዘዙ።

ትእዛዙ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመስላል። ነገር ግን ካሳቩቡ ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማው የብራዛቪል ሬዲዮ ክፍት ሆነላቸው፤ ሉሙምባ ሌላ ማይክሮፎን አልነበራቸውም። ወደ ጣቢያው ሲመጡም በተባበሩት መንግሥታት ስም በር ላይ የቆሙት የጋና ወታደሮች አላስገቧቸውም። ጋና ከሦስት ዓመት በፊት ነጻ የወጣች፣ መሪዋም የሉሙምባ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ሴፕቴምበር 14 ኮሎኔል ሞቡቱ ሁለቱንም ፖለቲከኞች ከሥልጣን ማገዳቸውን ያስታወቁት በሬዲዮ ነው። ሉሙምባ ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ ተገደሉ።

ለዚህ ክፍል የማቀርበው ቅርጽ ቀላል ነው። ከሴፕቴምበር 6 በኋላ የሉሙምባን ወገን ይዞ የቆየው ሁለተኛው ድምፅ ዝም ይበል፤ የቀረውን የመጀመሪያው ድምፅ ብቻውን ያንብበው። አድማጩ የጎደለውን ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል። እዚህ የምንጠቀመው ዘዴ ከጣቢያው መዘጋት የተወሰደ ነውና ማስዋቢያ አይባልም። በሰኔ 23 ጭብጨባ የሚያልቅ ስክሪፕት የአንድ ጠዋት ሥነ ሥርዓት ዘገባ ነው፤ የቅኝ አገዛዝን ፍጻሜ ተረኩ ለማለት አይበቃም። በዓሉን የምታዘጋጁ የሬዲዮ ባልደረቦች፣ ከሙዚቃውና ከእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱ ቀንሳችሁ ለዚያ የሴፕቴምበር ማታ አምስት ደቂቃ ስጡት።