ዘጠናኛው መስመር

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። የልጇን የአንድ ዓመት ምርመራ አስጨርሳ ስትወጣ ከመኪናዋ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ልጅቷ 90 አመጣች!» አለች። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቡና ትቆላ ስለነበር ሰምታ እልል አለች። ወዲያው ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ድምፅ ዝቅ አለ። «ግን እትዬ፣ ወፍራም ናት ማለት ይሆን እንዴ?»

አያትየዋ ደስ ያላት፣ እናትየዋም የደነገጠችው በአንድ ቁጥር ነው። ሁለቱም የሰሙት ቁጥሩ የማይለውን ነበር። እኔ ሕፃናት ስመዝን ብዙ ዓመት የቆየሁ ነርስ ነኝ፤ ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ወረቀቱን ማየት ፈለግሁ። በቴሌግራም ላከችልኝ።

ይህን ወረቀት ቀርቦ ላየው ሰው የሚያምር ሥራ ነው። ከታች ዕድሜ በወር፣ በጎን ክብደት በኪሎ ተጽፏል። ከግራ ጥግ ዘጠኝ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ይነሡና ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እንደ ማራገቢያ እየተራራቁ ይወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ከስድስተኛው ወር በኋላ ዳገቱ ይለዝባል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንደሚፈጥን፣ መዳህ ሲጀምር ደግሞ እንዴት እንደሚረጋጋ ያየች እናት ይህን ቅርጽ ሳይነገራት ታውቀዋለች። የልጅቷ ነጥብ 12ኛው ወር ላይ፣ 10.5 ኪሎ ላይ ነው፤ ልክ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ አርፏል። በመስመሩ ጫፍ 90 የሚል ቁጥር ታትሟል።

መስመሩ የሚለው ይህን ነው። በደንብ ያደጉ 100 የአንድ ዓመት ሴት ልጆች ከቀላሏ ጀምሮ እስከ ከባዷ በክብደታቸው ቢሰለፉ፣ 90ው ከእሷ በፊት፣ 10ሩ ከእሷ በኋላ ይቆማሉ። በሰልፉ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ሰልፉን ማንም ፈተና ብሎ አልሰየመውም፤ ከፊት የቆመችውም ከኋላ የቆመችውም በጤና ያደገች ልጅ ናት። «አመጣች» የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም። 90 አግኝታ 10 የጎደላት ነገር የለም።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው፤ በእኛ ሙያ ውስጥ እንኳ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። 90ኛ ፐርሰንታይልና 90 ከመቶ አንድ አይደሉም። የአንድ ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 8.9 ኪሎ ነው። የዚህ 90 ከመቶ ስምንት ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ በሰልፉ ላይ ብትቆም ከ100 ልጆች 20ኛ አካባቢ የምትገኝ ቀለል ያለች ልጅ ክብደት ማለት ነው። 90ኛው ፐርሰንታይል ላይ ያለችው ግን 10.5 ኪሎ ናት። በሁለቱ መካከል ሁለት ኪሎ ተኩል አለ። ግራ መጋባቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ድሮ የሜክሲኮው ሐኪም የፌዴሪኮ ጎሜዝ ምድብ የልጅን የምግብ እጥረት የሚለካው ክብደቱ የመካከለኛው ክብደት ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ በማስላት ነበር፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ይባል ነበር። ያ ቋንቋ በብዙ የጤና ባለሙያ አፍ ላይ ቀርቷል።

አሁን መስመሮቹ እንዴት እንደተሠሩ ልንገራችሁ፤ ይህን ወረቀት እንድወደው ያደረገኝ ይህ ነውና። ቀድሞ በዓለም ላይ ይሠራበት የነበረው መስፈሪያ ለታናናሾቹ የተወሰደው ከአሜሪካ፣ ከኦሃዮ ግዛት ልጆች ነበር፤ አብዛኞቹም የጡጦ ወተት የጠጡ ናቸው። በዚያ መስፈሪያ ጡት ብቻ የሚጠባ ጤናማ ሕፃን ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ነበር። ስንት እናት «ወተትሽ አልበቃውም» ተብላ ይሆን! ይህን ለማረም የዓለም ጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በስድስት ከተሞች ልጆችን ለካ፤ በብራዚል ፔሎታስ፣ በጋና አክራ፣ በህንድ ዴልሂ፣ በኖርዌይ ኦስሎ፣ በኦማን ሙስካት፣ በአሜሪካ ዴቪስ። በጠቅላላው 8,440 ገደማ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ጡት የሚያጠቡ፣ ኑሯቸውም የልጅን እድገት የማያግድ እንዲሆን ተመርጠዋል።

የልኬቱ ጥንቃቄ ነው ልብ የሚነካው። ከውልደት ጀምሮ የተከታተሏቸውን ሕፃናት በሁለት ዓመት ውስጥ 21 ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄደው ለኳቸው። በእያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ይለካሉ፤ ከዚያ ያገኙትን ያስተያያሉ። በክብደት ከ100 ግራም፣ በቁመት ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሁለቱም እንደገና ይለካሉ። የሚያለቅስ፣ እግሩን የሚሰበስብ ሕፃን ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ መዘርጋት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። በመጨረሻ የስድስቱ ከተሞች ልጆች ቁመት ሲነጻጸር በመካከላቸው ከታየው ልዩነት በቦታ የሚመጣው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአክራዋና የኦስሎዋ ሕፃን ሆዳቸው ሲጠግብና በሽታ ሳያጠቃቸው ሲቀር እኩል ይዘረጋሉ። መስመሮቹ በ2006 ወጡ። አሜሪካም ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ልጆች ይህንኑ ትጠቀማለች፤ የእህቴ ልጅ የላከችልኝ ወረቀትም እሱ ነው።

እጅ ያለበት ሥራ መሆኑን መስመሮቹን በጣታችሁ ስትለኩ ታዩታላችሁ። በ12ኛው ወር 10ኛው መስመር 7.7 ኪሎ ላይ፣ መካከለኛው 8.9 ላይ፣ 90ኛው 10.5 ላይ ነው። ከመካከለኛው ወደ ታች 1.2 ኪሎ፣ ወደ ላይ ግን 1.6 ኪሎ። እኩል አይደሉም። ክብደት ወደ ላይ የሚዘረጋበት ቦታ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች ግን ሰውነት ብዙ አይፈቅድም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ዕድሜ ሦስት ቁጥር አወጡ፤ አንዱ መካከለኛውን፣ ሁለተኛው የስርጭቱን ስፋት፣ ሦስተኛው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለበትን መጠን ይይዛል። ማራገቢያው በሁለቱም በኩል እኩል ተደርጎ ቢሳል ኖሮ ከላይ ያሉ ልጆች ያለ ጥፋታቸው ከመስመር ወጡ ይባሉ ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ቁመቷስ?» ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኋት። 79 ሴንቲ ሜትር ነው አለች። የዕድሜ እኩዮቿ መካከለኛ ቁመት 74 ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ በቁመትም 97ኛው አካባቢ ናት፤ አባቷ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነው። ወፍራም ናት ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ክብደት ለዕድሜ አይደለም፤ ሌላ ወረቀት አለ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር። በዚያ ወረቀት 79 ሴንቲ ሜትር የሆነች ልጅ መካከለኛ ክብደት 9.9 ኪሎ ነው። የእኛዋ 10.5 ሆና ከመሃሉ ጥቂት ከፍ ብላ በሰላም ተቀምጣለች።

አሁን ሌላ ልጅ አስቡ። እሷም የአንድ ዓመት፣ እሷም 10.5 ኪሎ፣ ነጥቧም በዚያው 90ኛ መስመር ላይ። ቁመቷ ግን 72 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ቁመት መካከለኛው ክብደት 8.6 ኪሎ ነው፤ 10.5 ደግሞ ከ97ኛው መስመር በላይ ይወጣል። ይህችን ልጅ ሐኪም በትኩረት ሊያያት ይገባል። ሁለቱ ልጆች በአንደኛው ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ናቸው። ዘጠናኛው መስመር ብቻውን ለይቶ አይነግረንም።

ነጥቡ ራሱ ምን ያህል የጸና ነው? 85ኛው ፐርሰንታይል በዚሁ ዕድሜ 10.2 ኪሎ ላይ ነው። ከ90ኛው የሚለየው 300 ግራም ነው፤ የረጠበ ዳይፐር፣ ጫማና ሹራብ ማለት ነው። ሚዛን ላይ ከነልብሷ የወጣች ልጅ በአንድ ጊዜ መስመር ትዘላለች። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። እኛ ቤት በኢትዮጵያ ቀን የተቆጠረ ልደት ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንድ ወር ሊስት ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ወር ብቻ መካከለኛውን መስመር ከ200 ግራም በላይ ያንቀሳቅሰዋል። ነጥቡ ያልጠበቃችሁት ቦታ ሲያርፍ ከመደንገጥ በፊት ልብሱን አውልቃችሁ መዝኑ፣ የልደቱን ቀን ደግማችሁ ቁጠሩ።

ሰልፉ የሠፈራችሁ ልጆች ሰልፍ እንዳልሆነም እወቁ። የእነዚያ በስድስት ከተሞች በምቹ ሁኔታ ያደጉ ልጆች ሰልፍ ነው። ስለዚህ በአንድ ሠፈር ውስጥ ከ100 ልጅ 10ሩ የግድ ከ90ኛው በላይ ይሆናሉ ማለት አይደለም። ድርቅ በመታው ወረዳ አንድም ላይገኝ ይችላል፤ ወፍራም ልጅ በበዛበት ከተማ ደግሞ 20 ሊገኝ ይችላል። መስመሩ ሳይንቀሳቀስ የቆመው ለዚህ ነው፤ ሠፈሩ የሚለካው በእሱ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነጥብ መንገድ አይሆንም። «የስድስት ወሯና የዘጠኝ ወሯ የት ነበር?» አልኳት። ፈልጋ አገኘችው፤ ሁለቱም በ90ኛው መስመር ዙሪያ ነበሩ። ልጅቷ የራሷን መስመር ይዛ እየወጣች ነው። ሁልጊዜ በ10ኛው መስመር የምትወጣ ልጅም እንደዚሁ መንገዷን ይዛለች። እኔን የምታስጨንቀኝ ከ90ኛው ተነሥታ በአንድ ጊዜ 50ኛው ላይ፣ ቀጥሎም 25ኛው ላይ የወደቀች ልጅ ናት፤ ቁጥሩ ገና «ደህና» ቢመስልም። ታማ ይሆናል፣ ምግቧ ተቀይሮ ይሆናል፤ ያንን የሚያሳየው የነጥቦቹ ተከታታይነት ብቻ ነው።

እህቴ ቡናውን ቀድታ «ታዲያ 90 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለችኝ። ጥሩም መጥፎም አይደለም አልኳት፤ ልጅሽ የልጅ ልጅሽን በየምርመራው ቁመቷንም አብራ ታስለካ፣ ካርዱንም አትጣል።